ታርጌት፣ የባለቤት ሽልማትና 13ኛ ወር በአንድ ደብዳቤ ሲታጨቁ፦ የቦነስ መመሪያ ረቂቅ ላይ ሐሳብ ስጡኝ

መጋዘን_አዘዞ | ግንቦት 11 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ መጋዘን ያለው የፍጆታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ላይ ነኝ። የምናከፋፍለው ሳሙና፣ ፓስታ፣ ብስኩትና ዘይት ነው። ሠራተኛው 38 ሲሆን 9ኙ ሴልስ ናቸው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ የሚሠራበት የቦነስ መመሪያ አርቅቂ ተብያለሁ። ባለቤቱ በቃል የነገሩኝን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦

«ሴልስ በየሩብ ዓመቱ ታርጌቱን ከመታ የወር ደመወዙን ግማሽ በቦነስ ያገኛል፤ ካልመታ የለም። ዓመቱ ሲያልቅ የድርጅቱ ውጤት ታይቶ ለሁሉም ሠራተኛ 13ኛ ወር ደመወዝ ሊሰጥ ይችላል። ከዚህ ሌላ ልዩ ትጋት ያሳየ ሠራተኛ በባለቤቱ ውሳኔ ይሸለማል።»

የሴልሶቹ መነሻ ደመወዝ 12,000 ብር ነው። ታርጌቱ በብር ተተምኖ ለአራቱ ሩብ ዓመት እኩል እንዲደለደል ነው የታሰበው። እኔን ያስጨነቀኝ የግብሩ ነገር ነበር፤ ሌላ ቀዳዳ ካያችሁም አትለፉኝ።

---

የቸቸላ_ልጅ | ግንቦት 11

13ኛ ወር እኮ ጳጉሜ ናት። 12,000ን ለ30 ብታካፍይው በቀን 400 ይመጣል፤ በ5 ቀን 2,000 ብር። ሰው የሠራበትን ቀን «ሊሰጥ ይችላል» ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ነው? ሰውየው በነፃ ሊያሠሩ ነው ያሰቡት።

---

ሰኔ30 | ግንቦት 11

የቸቸላ ልጅ፣ ስሙ አሳስቶህ ነው። እዚህ የተባለው 13ኛ ወር ከጳጉሜ ጋር አይገናኝም። ዓመቱን ሙሉ ለሠራ ሰው ከ12ቱ ደመወዝ በላይ አንድ ሙሉ ደመወዝ ሲጨመር ነው እንዲህ የሚባለው። ጣሊያን ያሉ ዘመዶቻችን ታኅሣሥ ላይ የሚያገኙትም ይኸው ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዴታ ሕግ ሆኗል። እኛ ጋ ግን አሠሪው 13ኛ ወር ይክፈል የሚል ሕግ የለም፤ የሚመነጨው ከቅጥር ውል፣ ከኅብረት ስምምነት ወይም ከድርጅቱ መመሪያ ብቻ ነው። ለዚህ ነው መመሪያው ላይ የሚሰፍረው እያንዳንዱ ቃል የሚከብደው።

እህታችን ግን ከዚህ አንድ ነገር ብትወስድ ደስ ይለኛል። ለጎንደር ሠራተኛ «13ኛ ወር» ስትይው ግማሹ እንደ ወንድማችን ጳጉሜን ነው የሚያስበው። መመሪያው ላይ «ዓመታዊ ተጨማሪ የአንድ ወር መነሻ ደመወዝ» ብለሽ ጻፊው፤ ጳጉሜን የሚመለከት አለመሆኑንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት። የ2019 ጳጉሜ ደግሞ የዘመነ ሉቃስ ስለሆነች 6 ቀን ናት፤ ያኔ ክርክሩ በአንድ ቀን ይረዝማል።

አሁን ወደ ረቂቁ። ሦስት የተለያዩ ቃል ኪዳኖች ባንድ አንቀጽ ታጭቀዋል። የታርጌት ቦነስ ቀመር ያለው ነገር ነው፤ ቁጥሩ ከተሟላ ባለቤቱ «አልሰጥም» ሊሉ አይችሉም። 13ኛ ወር በሥራ ላይ በቆዩበት ጊዜ ልክ የሚጠራቀም ነው። የባለቤት ሽልማት ግን ፈቃድ ነው። «ሊሰጥ ይችላል» የሚለው ቃል ቦታው ሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። 13ኛ ወር ላይ ካስገባችሁት ስሙ 13ኛ ወር ቢሆንም ሥራው የባለቤት ሽልማት ይሆናል፤ ሠራተኛው ግን እንደ ደመወዙ ቆጥሮ ዕቁብ ይገባበታል፣ የቤት ኪራይ ይዋዋልበታል። በያመቱ መጨረሻ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚች የሚመጣ ነው። በሦስት አንቀጽ ለያዪው።

---

ብር_ለብር | ግንቦት 12

ስለ ግብሩ አትጨነቂ። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 53 ቦነስ ደመወዝ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ደመወዝ ካልሆነ የደመወዝ ግብር ምን ሊሆን ይነካዋል? ጡረታም አይቆረጥበትም። እንዳለ ስጧቸው።

---

ሰኔ30 | ግንቦት 12

ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ ግን ድርጅቱን ቅጣት ውስጥ ይከታል። አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ አበልን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ አድርጓቸዋል፤ እሱ እውነት ነው። ጡረታም በመነሻ ደመወዝ ላይ ብቻ ስለሚሰላ፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ቦነሱ ላይ አይደርስም። የሥራ ስንብት ክፍያ ሲሰላም ቦነሱ አይደመርም፤ ይሄኛው እንግዲህ ሠራተኛው የሚጎዳበት ጎኑ ነው።

የገቢ ግብር አዋጁ ግን የራሱ ትርጉም አለው። ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በሚለው ውስጥ ደመወዝም፣ ቦነስም፣ ኮሚሽንም አሉበት። ስለዚህ ቦነስ ግብር አለበት፣ ጡረታ የለበትም። ፔሮል ላይ ለብቻው ዓምድ ክፈቺለት። መነሻ ደመወዝ ዓምድ ውስጥ ከደባለቅሽው ሲስተሙ ሳትጠይቂው ጡረታ ይቆርጥበታል፤ ማስመለሱ ደግሞ ወር ይፈጃል።

---

ማራኪ_ካሸር | ግንቦት 12

ርዕሱን ስላየሁ የራሴን ልጠይቅ። ባንክ ነው የምሠራው። የእኛ ቦነስ በቅርንጫፉ ውጤት ነው የሚወሰነው፤ ተቀማጭ ስንት ሰበሰበ፣ አዲስ ደንበኛ ስንት ከፈተ እየተባለ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከደባርቅ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። የደባርቁ ቅርንጫፍ ታርጌቱን አልፏል፣ የአሁኑ ደግሞ ወድቋል። ዓመቱን በሙሉ በጎንደሩ ነው የምትለካው ተባልኩ። ይሄ ፍትሕ ነው?

---

ችሎት_ደጅ | ግንቦት 12

ካሸር፣ መመሪያችሁ ላይ «ሰኔ 30 በተመደበበት ቅርንጫፍ ውጤት» የሚል ሐረግ ካለ አስቸጋሪ ነው፤ ከሌለ በወር ተከፋፍሎ ይሰላ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። ከሐምሌ እስከ ኅዳር 5 ወር በደባርቁ ውጤት፣ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ 7 ወር በጎንደሩ። በጽሑፍ ጠይቅ፤ ደብዳቤው ላይ የዝውውሩን ቀንና የፊርማህን ቀን አስፍር። ክፍያው በተወሰነ ጊዜ ዝም ብለህ አትቀመጥ፤ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል። አብዛኛው ሰው «ቀጣዩ ዓመት ላይ ያስተካክሉልኛል» እያለ ሲጠብቅ ነው የሚያልፍበት።

መጋዘን አዘዞ፣ አንቺም ከዚህ ውሰጂ። ሴልስ ከኮላድባ መስመር ወደ መተማ መስመር ሲዛወር በሩብ ዓመቱ መሀል ምን እንደሚሆን አሁኑኑ ጻፊው።

---

ሴልስ_በእግር | ግንቦት 13

እኔ ልንገራችሁ ታርጌቱ ለምን እንደማይሠራ። ሂሳብ ክፍል ያሉት አይነግሯችሁም።

ለአራቱም ሩብ ዓመት እኩል ማለት ጎንደርን አለማወቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ የገጠር መንገድ ይጨቀያል፣ ባለሱቁ ያለውን ሸጦ እስኪጨርስ ዕቃ አይጨምርም። ጥር ደግሞ ጥምቀት ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ከአራዳ እስከ ቀሐ ያለ ሱቅ ሁሉ ዕቃ ይጠራል። ሴልስ ጥር ላይ ተኝቶም ታርጌት ይመታል፣ ነሐሴ ላይ ጫማው እስኪያልቅ ዞሮም አይመታም።

እና ሴልሱ ምን ያደርጋል? ነሐሴ አጋማሽ ላይ እንደማይደርስ ሲያውቅ ሥራ ያቆማል። መስከረም 20 የመጣለትን ትእዛዝ «ጥቅምት 1 እናድርገው» ብሎ ያሳድረዋል። የሚደርስ ከመሰለው ደግሞ ሩብ ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ለወዳጅ ባለሱቅ 60 ካርቶን በዱቤ ያወርድለታል፤ በማግሥቱ ወር 50ው ተመልሶ ይመጣል። ቦነሱ ግን ተበልቷል።

99 በመቶ ዜሮ፣ 100 በመቶ 6,000 ብር ከሆነ ሰው ይህን ማድረጉ አይፈረድበትም። አንድ በመቶ 6,000 ብር ነው!

---

መጋዘን_አዘዞ | ግንቦት 13

ሴልስ በእግር፣ እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ያቺን የ60 ካርቶን ነገር ያለፈው መጋቢት በመዝገባችን አይቻታለሁ መሰለኝ 😅 ታዲያ ምን ይሻላል?

---

ሰኔ30 | ግንቦት 13

ሴልስ በእግር ያለው ሁሉ ልክ ነው። መድኃኒቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ በቁጥር ልሂድበት።

መጀመሪያ ታርጌቱን ከብር አውጡት። ዋጋ እንዲህ በሚንርበት ጊዜ የብር ታርጌት ራሱን በራሱ ይመታል። ሳሙናው 20 በመቶ ቢወደድ ሴልሱ አንድ ካርቶን ሳይጨምር 20 በመቶ አደገ ይባላል፤ ባለቤቱም ለዋጋ ንረት ቦነስ ከፈሉ ማለት ነው። ዝም ብሎ ካርቶን መቁጠርም ዘዴኞች መንገድ አላቸው፤ ቀላሉን ብስኩት ሸጠው ከባዱን ዘይት ይተዉታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሐምሌ 1 ባለው ዋጋ ነጥብ ስጡት። አንድ ካርቶን ሳሙና 1 ነጥብ ከሆነ፣ በዋጋው እጥፍ የሆነ የዘይት ካርቶን 2 ነጥብ። ዋጋው ዓመቱን ሙሉ ቢወጣም ቢወርድም ነጥቡ አይነካም።

ቀጥሎ ዓመታዊውን ታርጌት በወቅቱ ደልድሉት። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሽያጭ አውጡና እያንዳንዱ ሩብ ዓመት ከዓመቱ ስንት በመቶ እንደያዘ አስሉ። ለምሳሌ 19፣ 26፣ 31 እና 24 በመቶ ወጣ እንበል። የአንድ ሴልስ ዓመታዊ ታርጌት 12,000 ነጥብ ቢሆን፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ 2,280 ይሆናል። እስከ ታኅሣሥ 3,120፣ ጥምቀት ያለበት ከጥር እስከ መጋቢት 3,720፣ የመጨረሻው 2,880። እኩል ቢሆን ለእያንዳንዱ 3,000 ነበር። ለክረምቱ በ720 ይበዛበታል፣ ለጥምቀቱ በ720 ያንሰዋል። ሴልሱ ነሐሴ ላይ ለምን ተስፋ እንደሚቆርጥ እዚህ ላይ ይታያል።

የመጨረሻው ያ 99 ላይ ዜሮ፣ 100 ላይ ሙሉ የሚያደርገው ገደል ነው። በገደሉ ፋንታ ደረጃ አድርጉለት። 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ከቦነሱ 40 በመቶ ያግኝ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ 3 ይጨመርለት፤ 100 ላይ ሲደርስ ሙሉውን ይይዛል። ከ100 በላይ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ 2 እየጨመረ 120 ላይ ይቁም፤ የዚያ ጣሪያው የቦነሱ 140 በመቶ ነው። ጣሪያ ካልተደረገ ታርጌቱ ሲወጣ የተሠራ ስህተት ሁሉ ከድርጅቱ ኪስ ይከፈላል።

አሁን አንድ ሴልስ ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ላይ 3,497 ነጥብ ሸጠ እንበል። ለ3,720 ሲካፈል 94 በመቶ ነው። 40 ላይ 14 ጊዜ 3 ስንጨምር 82። ሙሉ ቦነሱ 6,000 ስለሆነ 4,920 ብር ይደርሰዋል። በባለቤቱ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ባዶ እጁን ነበር የሚሄደው።

ያቺ የዱቤ ካርቶን ደግሞ እንዲህ ትያዛለች። የሚቆጠረው በደረሰኝ የወጣው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የተሰበሰበበት ሽያጭ ይሁን፤ በ45 ቀን ውስጥ የተመለሰ ዕቃም ከነጥቡ ይቀነስ። ከላይ ካለው ሰው 93 ነጥብ የሚሆን ዕቃ ቢመለስበት 3,404 ይቀረዋል፤ 91.5 በመቶ። መመሪያው «ሽርፍራፊው ወደ ታች ይጣላል» ካለ 91 ይያዛል፤ ቦነሱ 73 በመቶ፣ 4,380 ብር። በ540 ብር ቀነሰ። ይህን ሁለት ጊዜ የቀመሰ ሴልስ ለወዳጁ ዱቤ አያራግፍም።

---

የቸቸላ_ልጅ | ግንቦት 13

እሺ የጳጉሜውን ተቀበልኩ። ግን መንገድ ሲዘጋስ? የመተማ መስመር ሴልስ ሁለት ሳምንት ጎንደር ተቀምጦ ቢውል ጥፋቱ የማን ነው?

---

ሰኔ30 | ግንቦት 13

ጥሩ ጠየቅህ፤ ረስቼው ነበር። ታርጌቱ በመስመር ተከፋፍሎ ከተጻፈ ቀላል ነው። ከ3,720ው ውስጥ 1,240ው የመተማ መስመር ድርሻ ነው እንበል። በሩብ ዓመቱ 75 የሥራ ቀን ቢኖርና መኪና ሊወጣ ያልቻለው 15 ቀን ቢሆን፣ አንድ አምስተኛው ማለትም 248 ነጥብ ይነሳለታል፤ አዲሱ ታርጌት 3,472። ልብ በሉ፣ የሚቀነሰው ከተዘጋው መስመር ብቻ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከመኪና መውጫ መዝገብ ነው፤ ማስተካከያው የሚጸድቀውም ወሩ እንዳለቀ ነው። ውጤቱ ከታየ በኋላ «መንገድ ተዘግቶ ነበር» ማለት ከተጀመረ የወደቀ ሁሉ መንገድ ይዘጋበታል።

---

መጋዘን_አዘዞ | ግንቦት 14

ግብሩን በቁጥር ብታሳዩኝ? 13ኛ ወሩን ነሐሴ ላይ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ነው የታሰበው።

---

ብር_ለብር | ግንቦት 14

ተቀብያለሁ፣ ግብር አለበት። እንግዲያው ከነሐሴ ደመወዝ ጋር ደምሪና በአዲሱ ሠንጠረዥ አስይው። አዋጅ 1395/2017 ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ያለውን ነፃ አድርጓል፤ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። የ12,000 ደመወዝ ግብር 30 በመቶው ሲቀነስ 1,350፤ 2,250 ብር። 13ኛ ወሩ ሲደመር 24,000 ይሆናል፤ 35 በመቶው ሲቀነስ 2,050፤ 6,350 ብር። ስለዚህ የ13ኛ ወሩ ግብር 4,100፣ እጁ ላይ የሚደርሰው 7,900።

---

ሰኔ30 | ግንቦት 14

ስሌቱ ልክ ነው፤ የማልስማማው ዘዴው ላይ ነው። 13ኛ ወር የአንድ ወር ገቢ አይደለም፣ የ12 ወር ልፋት ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 1,000 ብር ነው። 13,000 ላይ ግብሩ 2,550 ሲሆን ከቀድሞው በ300 ይበልጣል፤ በ12 ሲባዛ 3,600። እጁ ላይ 8,400 ይደርሰዋል። በአንድ ሰው የ500 ብር ልዩነት አለው። ደመወዙ 5,000 ለሆነ ጫኝ ደግሞ በአንድ ወር ሲደመር 1,150፣ ሲከፋፈል 1,000 ይሆናል።

ደመወዙ ከ14,000 በላይ ለሆነ ሰው ግን ሁለቱ ዘዴ አንድ ነው፤ ብትደምሪውም ብትበትኚውም ጭማሪው ሁሉ 35 በመቶው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ክርክሩ የሱፐርቫይዘሮቹ አይደለም፣ የዝቅተኛ ተከፋዮቹ ነው።

---

ብር_ለብር | ግንቦት 14

ግብር በተከፈለበት ወር ነው የሚታሰበው። ኦዲተር መጥቶ ልዩነቱን ከነወለዱ ቢጠይቃት አንተ ትከፍላለህ?

---

ሰኔ30 | ግንቦት 14

እኔ አልከፍልም፤ ለዚህ ነው በጽሑፍ ይጠየቅ የምለው። ሁለቱንም ስሌት በአንድ ገጽ አዘጋጂና ለግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችሁ በደብዳቤ አስገቢ፤ ሐምሌ ላይ ወረፋው ስለሚበዛ ሰኔ ሳያልቅ። መልሱን ከነማኅተሙ ፔሮል ፋይል ውስጥ አስቀምጪው። በቃል የተነገረሽን አትከተዪ፤ መስኮት ላይ ያለው ሰው በሦስተኛው ወር ሌላ ነው።

---

ችሎት_ደጅ | ግንቦት 15

ስለ 13ኛ ወሩ ሁለት ሐረግ ቀርቷል።

አንደኛው የየትኛው ደመወዝ ነው የሚለው። ጥር ላይ ከ10,000 ወደ 12,000 ያደገ ሰው በመጨረሻው ደመወዝ ከታሰበ 12,000 ያገኛል። በዓመቱ ባገኘው መነሻ ደመወዝ አማካይ ከታሰበ ግን 6 ጊዜ 10,000 እና 6 ጊዜ 12,000 ተደምሮ ለ12 ሲካፈል 11,000 ነው። ሁለቱም ያስኬዳል፤ አለመጻፉ ግን አያስኬድም። አማካዩ አንድ ጥቅም አለው፤ ኅዳር 1 የተቀጠረውን ሰው ጉዳይም አብሮ ይፈታል። 8 ወር ሠርቷል፤ 96,000 ለ12፣ 8,000 ብር። ሌላ ቀመር አያሻውም።

ሁለተኛው «በክፍያው ዕለት በሥራ ላይ ያለ» የሚለው ነው። ባለቤቶች ይወዱታል። ውጤቱ ግን ይሄ ነው፦ ሰኔ 30 ድረስ 12 ወር ሙሉ የሠራ ሰው ነሐሴ 5 ቢለቅ፣ ክፍያው ነሐሴ 25 ስለሆነ ዜሮ ይወጣል። ለታርጌት ቦነስ ይህን ማድረግ በእኔ እይታ አደገኛ ነው፤ ቁጥሩ ተሟልቷልና። ለ13ኛ ወርም ቢሆን «በየወሩ የሚጠራቀም» ካላችሁ በኋላ መንጠቅ ይከብዳል። በራሱ ፈቃድ ለለቀቀ በሠራበት ወር ልክ፣ በከባድ ጥፋት ለተሰናበተ ምንም፣ ብላችሁ ብትለዩት ይሻላል። ክፍያውም የመጨረሻ ሂሳቡ ሲዘጋ አብሮ ይሁን፤ ሕጉ ደመወዝና ከሥራ ውሉ የሚመነጩ ሌሎች ክፍያዎች ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈሉ ያዛል።

---

ሴልስ_በእግር | ግንቦት 15

የባለቤቱ ሽልማትስ? የኛ ሰፈር ላይ በየዓመቱ መስከረም ዋዜማ ለሁሉም 3,000 ብር በፖስታ ይሰጥ ነበር። አምስተኛው ዓመት ላይ «ዘንድሮ የለም» ሲባል ሰው ሊከስ ተነሳ።

---

ችሎት_ደጅ | ግንቦት 15

በየዓመቱ፣ በአንድ ቀን፣ እኩል መጠን፣ ለሁሉም ሰው ከተሰጠ እንዴት ፈቃድ ይባላል? ሠራተኛው ልማድ ሆኗል ብሎ የሚከራከርበት አንዱ መንገድ ይሄው ነው።

---

ሰኔ30 | ግንቦት 15

በዚህ ላይ ከአንተ ጋር አልሄድም። መመሪያው «በባለቤቱ ውሳኔ» እያለ ድግግሞሽ ብቻውን መብት ይሆናል ማለት ይከብደኛል። በእነሱ ጉዳይ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ፖስታ ብቻ ነው። ችግሩ እሱ ይመስለኛል።

---

ችሎት_ደጅ | ግንቦት 15

ፖስታውም እኮ ማስረጃ ነው። ለማንኛውም ሁለታችን እዚህ አንጨርሰውም።

መጋዘን አዘዞ፣ ክርክሩ እንዳይነሳ ማድረግ ግን ትችያለሽ። ባለቤቱ በዓመቱ መጀመሪያ ለሽልማት የሚውል ገንዘብ ይመድቡ፤ 100,000 ይሁን 150,000 እሳቸው ያውቃሉ። ለእያንዳንዱ ተሸላሚ የሚሰጠው ደብዳቤ የተሸለመበትን ሥራ በአንድ መስመር ይጥቀስ። «በኅዳር ቆጠራ የ40 ካርቶን ልዩነት ምንጩን ስላገኘ» ዓይነት እንጂ «ለትጋቱ» ብቻ አይበል። ከሥሩ ደግሞ «ይህ ሽልማት የ2019 በጀት ዓመት ብቻ ነው» ይባል። ለ38ቱም እኩል የሚሰጥ ከሆነ ሽልማት አትበሉት፤ የበዓል ስጦታ ነው፣ በዚያው ስም ይጻፍ።

ታርጌት የወደቀ ሴልስን በዚህ በር ማስገባትም ይቅር። 78 በመቶ ላይ የቀረ ሰው «በባለቤቱ ውሳኔ» 2,400 ብር ከተሰጠው 80 በመቶ የምትለዋ መስመር ሞተች። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት 77 ላይ የቀረው ወደ መጋዘን ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ቢሮ ነው የሚሄደው።

---

መጋዘን_አዘዞ | ግንቦት 18

ባለቤቱን አነጋገርኳቸው። ደረጃውን ተቀበሉ፤ ገደሉ ይቅር አሉ። የነጥቡን ነገር ሂሳብ ክፍል እየሠራበት ነው። 13ኛ ወር ላይ «ሊሰጥ ይችላል» የሚለውን ለማውጣት ፈርተው ነበር፤ ድርጅቱ ቢከስርስ አሉኝ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦

«ለዓመቱ ተጨማሪ የአንድ ወር መነሻ ደመወዝ ይከፈላል። ስሌቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የተከፈለው መነሻ ደመወዝ ድምር ለ12 ተካፍሎ ነው። በውጭ ኦዲተር የተረጋገጠው ሂሳብ ኪሳራ ካሳየ ለዚያ ዓመት አይከፈልም። ይህ አንቀጽ ጳጉሜን አይመለከትም።»

ለግብር ቢሮው ደብዳቤም ዛሬ አስገባሁ።

---

ሰኔ30 | ግንቦት 18

ጥሩ ነው፤ ፈቃድ የነበረው ሁኔታ ሆነ። አንድ ነገር ግን ይጋጭብሻል። በኦዲተር የተረጋገጠ ሂሳብ ነሐሴ 25 ይደርሳል? የሐምሌ ቆጠራ ተጠናቆ፣ ኦዲተሩ ገብቶ፣ ሪፖርቱ ተፈርሞ እስኪወጣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ነው። ወይ የክፍያውን ቀን አዛውሪ፣ ወይ ነሐሴ ላይ ግማሹን ከፍላችሁ ቀሪው ከኦዲት በኋላ ይሁን። ግማሹን ከከፈላችሁ ኪሳራ ቢመጣ የተከፈለው አይመለስም ብለሽ ጻፊበት፤ ካልሆነ ከደመወዝ ልቀንስ የሚል ሌላ ጣጣ ይከተላል።

---

ሴልስ_በእግር | ግንቦት 18

እኔም አንዲት ቀዳዳ አየሁ፣ ልናገር ወይስ ለራሴ ልያዛት 😄 የ45 ቀኑ ተመላሽ። የመጨረሻው ሩብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ 45 ቀኑ ነሐሴ 15 ላይ ነው የሚያልቀው። ሴልሱ ሐምሌ 10 ቦነሱን ተቀብሎ ቢለቅ ሐምሌ 20 የተመለሰውን ካርቶን ከማን ነጥብ ትቀንሱታላችሁ?

---

መጋዘን_አዘዞ | ግንቦት 19

ኧረ በናትህ! የአራተኛውን ሩብ ዓመት ቦነስ ነሐሴ 16 እንክፈለው እንዴ?

---

ሰኔ30 | ግንቦት 19

የአራተኛውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። ሩብ ዓመቱ በተዘጋ በ46ኛው ቀን ይከፈል፤ የመስከረሙ ኅዳር 16፣ የታኅሣሡ የካቲት 16፣ የመጋቢቱ ግንቦት 16። ለለቀቀ ሰው ግን ችሎት ደጅ ያለው የ7 ቀን ነገር አለ፤ እሱ ላይ ሁለታችሁ ተነጋገሩ፤ እኔ «የቦነሱ መጠን የሚታወቀው በ46ኛው ቀን ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል ባይ ነኝ።

---

ችሎት_ደጅ | ግንቦት 19

ሊበቃም ላይበቃም ይችላል። ለለቀቀው ብቻ ከቦነሱ 90 በመቶውን በ7 ቀኑ ክፈሉና 10ሩን እስከ 46ኛው ቀን ያዙ፤ መያዙን ግን ሲቀጠር በፈረመው ውል ላይ አስገቡት፣ መልቀቂያው ላይ አይደለም።